መልእክቱ ማን ስልክ ላይ ይደርሳል? የሰፈር ሱቅና የክፍያ ኮድ

አንድ የአዲስ አበባ ሰፈር ሱቅ ለምሳሌ እንውሰድ። ንግድ ፈቃዱ በባልየው ስም ነው፤ እሱ ግን ሚኒባስ ስለሚነዳ ቀኑን ሙሉ ሱቁ ውስጥ የለም። ከጠዋት ጀምሮ የምትሸጠው ሚስቱ ናት። ማታ ማታ ታናሽ ወንድሟ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ይተካታል። ዳቦ፣ እንቁላል፣ ዘይት፣ ፓስታ፣ ሳሙና፣ የሞባይል ካርድ ይሸጣሉ፤ የዱቤ ደብተርም አላቸው። እንዲህ ያለ ሱቅ በየሰፈሩ አለ፤ ከኮድ ክፍያ ጋር የሚመጣው ችግርም ሁሉ ከዚህ የሥራ ክፍፍል ይጀምራል። ፈቃዱ የአንዱ ነው፤ ሻጯ ሌላ ናት፤ ማታ ደግሞ ሦስተኛ ሰው አለ።

ባልየው ለስልክ ክፍያ እንግዳ አይደለም። በአዲስ አበባ ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲቀዳ ከተደረገበት ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ በቴሌብር ሲከፍል ኖሯል። ቴሌብር ሥራ የጀመረው ግንቦት 2013 ላይ ነው፤ የሳፋሪኮም ኤም ፔሳ ደግሞ ነሐሴ 2015 ላይ ተከተለ። ደንበኞችም «በቴሌብር ልክፈል?» ማለት ከጀመሩ ቆይተዋል። እስካሁን ሱቁ ያገኘው መፍትሔ የባልየውን የግል ስልክ ቁጥር በካርቶን ላይ ጽፎ መስኮቱ ላይ መስቀል ነበር። ደንበኛው ወደዚያ ቁጥር ይልካል፤ ሚስትየው ደውላ «ገብቷል?» ትላለች፤ እሱ መሪ ይዞ ስለሆነ አያነሳም። ደንበኛው የራሱን ስልክ ከፍቶ «ይኸው፣ ተልኳል» እያለ ያሳያል። እሷም አምና ትሰጣለች።

ይህ አሠራር ጥሩ ደንበኛ ባለበት ይሠራል። ችግሩ ሱቁ ገንዘቡ መግባቱን የሚያውቀው ከከፋዩ ስልክ መሆኑ ነው። በተጨማሪም ወደ ግል ቁጥር የሚደረገው ሰው ለሰው ማስተላለፍ እንጂ ግዢ አይደለም። ላኪው የማስተላለፊያ ሂሳብ ሊቆረጥበት ይችላል፤ የግል ዋሌትም እንደ ባለቤቱ የማንነት ማረጋገጫ ደረጃ የሚይዘው ገንዘብ ጣሪያ አለው። የሱቁ ሽያጭ ከባልየው የነዳጅና የቤት ወጪ ጋር ስለሚቀላቀል በወሩ መጨረሻ ሱቁ ምን ያህል እንደሸጠ መለየት አይቻልም። ነጋዴ ሆኖ መመዝገብ እነዚህን ያስተካክላል፤ ግን በትክክል ከተመዘገቡ ብቻ ነው።

ለምዝገባ የሚጠየቁት ሰነዶች ብዙ አይደሉም፤ የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የባለፈቃዱ መታወቂያና የስልክ ቁጥር ናቸው። ፋይዳ ያለው ሰው ፋይዳውን ይዞ ቢሄድ ነገሩ ይቀልለታል። ሰዎችን ደጋግሞ የሚያመላልሰው «የታደሰ» የሚለው ቃል ነው። ንግድ ፈቃድ ያለ ቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ስለሆነ ብዙ ባለሱቆች እስከ ታኅሣሥ ይዘገያሉ። ጥቅምት ላይ ያለፈውን ዓመት ፈቃድ ይዞ የሄደ ሰው መዝጋቢው «አድሰህ ና» ሊለው ይችላል። ሌላው ነገር ስም ነው። በፈቃዱ፣ በግብር ሰነዱና በመታወቂያው ላይ ያለው ስም በፊደል ሳይቀር አንድ መሆን አለበት። በተለይ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ አንዱ ሰነድ ላይ በአንድ ፊደል፣ ሌላው ላይ በሁለት የተጻፈ የአባት ስም ብዙ ጊዜ ይገኛል። ይህን ከቤት ሳይወጡ ሰነዶቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ይቻላል።

በእኛ ሱቅ ፈቃዱ የባልየው ስለሆነ ተመዝጋቢው እሱ ነው፤ ሚስትየው ብቻዋን ብትሄድ ውክልና ትጠየቃለች። ስለዚህ አንድ ጠዋት ሥራውን ትቶ አብረው ቢሄዱ ይሻላል። አብረው መሄዳቸው ለሌላም ነገር ይጠቅማል፤ ቅጹ ላይ የሚሞሉት ሁለት ክፍት ቦታዎች የሱቁን የወደፊት ኑሮ ስለሚወስኑ ሁለቱም ሊመክሩባቸው ይገባል።

የመጀመሪያው ለደንበኛ የሚታየው ስም ነው። ደንበኛው ኮዱን ሲያነብ ስልኩ ላይ የተከፋዩ ስም ይወጣል። መዝጋቢው ዝም ብሎ የባልየውን ሙሉ ስም ከጻፈ፣ ሚስትየውን ብቻ የሚያውቅ ደንበኛ የማያውቀውን ሰው ስም አይቶ ያመነታል፤ አንዳንዱም ይሰርዘዋል። ሱቁ የሚታወቅበት የንግድ ስም ፈቃዱ ላይ ካለ እሱ እንዲታይ መጠየቅ ይገባል። ይህ ስም በኋላ ማጭበርበርን ለመለየትም ዋናው ምልክት ስለሚሆን ደንበኞች ሁሉ የሚያውቁት ይሁን።

ሁለተኛው የስልክ ቁጥሩ ነው፤ እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። አብዛኛው ሰው መዝጋቢው ሲጠይቀው ሳያስብ የኪሱን ቁጥር ይናገራል። ባልየው የራሱን ቁጥር ከሰጠ ኮዱ የሱቁ ይሆናል፤ መልእክቱ ግን ሚኒባሱ ውስጥ ይጮኻል። ሚስትየው እንደ ድሮው መደወሏን አትተውም። ማለትም ሁሉም ሰነድ ተሟልቶ፣ ተለጣፊው መስኮቱ ላይ ተለጥፎ፣ ሱቁ ገንዘቡ መግባቱን የሚያውቀው አሁንም ከከፋዩ ስልክ ይሆናል።

መፍትሔው ሱቁ የራሱ ሲም ካርድና የራሱ ስልክ እንዲኖረው ማድረግ ነው። ስልኩ ውድ መሆን የለበትም፤ የማረጋገጫ መልእክት በተራ ቁልፍ ስልክም ይደርሳል፤ ሂሳብም *127# ተደውሎ ይታያል። ሲሙ በባልየው ስም የወጣ ይሁን፤ ቢጠፋ የሚያስመልሰው ባለስሙ ብቻ ነውና። ስልኩ ግን ከሱቁ አይውጣ፤ ማንም ሻጭ ቢቀመጥ ከባንኮኒው ላይ አይነሳ። ሁለተኛው መንገድ ሻጮቹን በነጋዴው ሂሳብ ሥር ኦፕሬተር አድርጎ ማስመዝገብ ነው። ኦፕሬተር የራሱ ምስጢር ቁጥር ይኖረዋል። ሂሳብ ማየትና ክፍያ መቀበል ይፈቀድለታል፤ ገንዘብ ማውጣት ግን እንዲከለከል ማድረግ ይቻላል። ለታናሽ ወንድሟ እንዲህ ያለ ፈቃድ ይበቃዋል። እሱን ከማመንና ካለማመን ጋር አይያያዝም፤ አንድ ምስጢር ቁጥር ሦስት ሰው ካወቀው ገንዘብ ሲጎድል ማንን እንደሚጠይቁ ግራ ይገባቸዋል፤ ቤተሰብም በዚህ ይጋጫል።

ከመፈረማቸው በፊት ስለ ገንዘቡ መንገድም ይጠይቁ። ከእያንዳንዱ ሽያጭ ይቆረጣል ወይ? ከዋሌት ወደ ባንክ ሲዛወርስ? በቀን ምን ያህል ማዛወር ይቻላል? የባንክ ሂሳቡ በባለፈቃዱ ስም መሆን አለበት? ይህ ጥያቄ ለትንሽ ሱቅ ከሚመስለው በላይ ክብደት አለው። የዳቦ አቅራቢው ንጋት ላይ መጥቶ ጥሬ ብር ይፈልጋል፤ እንቁላል የሚያመጣው ሰውም እንደዚያው። ማታ ደንበኛው ሁሉ በኮድ ከፍሎ ከሄደ መሳቢያው ባዶ ሆኖ ያድራል። ገንዘቡ አለ፤ ንጋት ላይ ግን በእጅ የለም። ስለዚህ ባለሱቆች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለነገ ጠዋት አቅራቢ የሚበቃ ጥሬ ብር ለይተው ማስቀመጥ አለባቸው፤ ከዚያም የትኛው አከፋፋይ በኮድ እንደሚቀበል እየጠየቁ ወደዚያ ማዘንበል ይችላሉ። ብዙ የመርካቶ ጅምላ ነጋዴዎች ዛሬ በባንክም በዋሌትም ይቀበላሉ።

ምዝገባው ሲያልቅ ሱቁ አጭር የነጋዴ ቁጥርና ባለ አራት ማዕዘን ኮድ ያለበት ተለጣፊ ይሰጠዋል። ሁለቱ አንድ ሥራ ነው የሚሠሩት። ስማርት ስልክ ያለው በካሜራ ያነበዋል፤ የሌለው *127# ደውሎ ቁጥሩን ይጽፋል። ኪው አር ኮድ በ1994 በፈረንጆች አቆጣጠር የጃፓኑ ዴንሶ ዌቭ ለመኪና መለዋወጫ ክትትል ያወጣው ነው፤ ከፊሉ ቢቧጨር ወይም ቢቆሽሽ እንኳ እንዲነበብ ተደርጎ ተሠርቷል። ግን ገደብ አለው። የሱቁ መስኮት የብረት ፍርግርግ ያለው ከሆነ ተለጣፊው ከፍርግርጉ ውጭ ይሁን፤ ሽቦው ኮዱን ከከፈለው ካሜራው አያነበውም። ፕላስቲክ ቢለበጥ ከዝናብ ይድናል፤ ነገር ግን የከሰዓት ፀሐይ ሲያርፍበት ያብረቀርቃል፤ ስለዚህ ጥላ ያለው ጎን ይመረጥ።

ስለ ተለጣፊው ሊታወቅ የሚገባው ሌላ ነገር ቋሚ መሆኑ ነው። ኮዱ ውስጥ ያለው «ማን ይከፈለው» የሚለው ብቻ ነው፤ «ስንት» የሚለው የለም። ዋጋውን የሚጽፈው ደንበኛው ነው። በትልልቅ መደብሮች በየሽያጩ አዲስ ኮድ በማሽን ስክሪን ላይ ስለሚወጣ ዋጋው አብሮ ይነበባል፤ እዚያ ደንበኛው ምስጢር ቁጥሩን ብቻ ያስገባል። በሰፈር ሱቅ ግን የብር ስህተት ሁሉ የሚገባው በዚህ አንድ ቦታ ነው፤ ዋጋው በጣት ሲጻፍ።

ከደንበኛ በፊት ግን ሱቁ ራሱን ይፈትን። ሚስትየው በራሷ ስልክ ኮዱን ታንብብና 1 ብር ትክፈል። የሚታየው ስም የሱቁ ነው? መልእክቱ ባንኮኒው ላይ ላለው ስልክ ደረሰ? በ*127# ሲታይ ሂሳቡ በ1 ብር ጨምሯል? ሦስቱም አዎ ከሆኑ ሱቁ ለሥራ ዝግጁ ነው። አንዱ እንኳ ካልሆነ ተለጣፊውን መሸፈንና ወደ መዝጋቢው መመለስ ነው፤ በደንበኛ ገንዘብ መሞከር የለበትም።

እንግዲህ የመጀመሪያዋ ደንበኛ መጣች እንበል። አንድ ሊትር ዘይት፣ ሁለት ፓስታና አንድ የገላ ሳሙና ወሰደች፤ ድምሩ 485 ብር ሆነ። «እህቴ፣ አራት መቶ ሰማንያ አምስት» ትላታለች ባለሱቋ፤ ቁጥሩን በቃል መናገር ስህተትን ይቀንሳል። ደንበኛዋ ኮዱን አነበበች፤ የሱቁ ስም ወጣ፤ ብሩን ጻፈች። ምስጢር ቁጥር ከማስገባቷ በፊት «እስቲ ልየው» ብሎ ስክሪኑን ማየት ነውር አይደለም፤ 4,850 ተጽፎ ከሆነ እዚህ ላይ ነው የሚቀናው። ከዚያ ስድስቱን አኃዝ አስገባች።

አሁን ባለሱቋ የደንበኛዋን ስልክ ትታ የራሷን ትመለከታለች። ትክክለኛ የቴሌብር መልእክት ከ127 ይመጣል፤ ከዚያው ቁጥር ከመጡት የቀድሞ መልእክቶች ሥር ተከትሎ ይቀመጣል። የሚነበቡት አራት ነገሮች ናቸው፦ የብሩ መጠን፣ የከፋዩ ስም፣ ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት የግብይት ቁጥር፣ ቀኑና ሰዓቱ። ሰዓቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚጻፈው፤ 14:35 ማለት ከቀኑ 8 ሰዓት ከ35 ነው። ይህን ማስላት የለመደች ሻጭ የጠዋትን መልእክት ለከሰዓት ዕቃ የሚያሳይን ሰው ወዲያው ታውቀዋለች። ዕቃው የሚሰጠው ከዚህ በኋላ ነው።

ልጇን ወደ ሱቅ ልካ ከቤት ሆና በነጋዴው ቁጥር የምትከፍል እናትም ትኖራለች። ልጁ ስልክ የለውም፤ የሚያሳየውም ነገር የለም። መልእክቱ ባንኮኒው ላይ ከደረሰ ግን ባለሱቋ የእናትየውን ስም አይታ ዳቦውን ትሰጠዋለች። ዱቤም እንዲሁ ከሩቅ ሊከፈል ይችላል፤ ብቻ መልእክቱ ላይ ያለው ስምና የግብይት ቁጥር በዱቤ ደብተሩ ላይ ወዲያው ይጻፍ። ባል ከፍሎ ዱቤው በሚስት ስም ከተመዘገበ ከሁለት ሳምንት በኋላ የሚያስታውሰው አይገኝም።

ማጭበርበሩ የሚመጣው ይህን ቅደም ተከተል ለማዘለል ነው። በጣም የተለመደው የተነካካ ወይም ያረጀ የስክሪን ፎቶ ማሳየት ነው፤ የራስን ስልክ የሚያይ ሱቅ ላይ አይሠራም። ሁለተኛው የውሸት መልእክት መላክ ነው። ጽሑፉ ልክ የእውነተኛውን ይመስላል፤ የመጣው ግን ከተራ ስልክ ቁጥር ነው። መልእክቱ ከ127 ሥር ካልተቀመጠ ወይም የሚያጠራጥር ነገር ካለው መልእክቱን ትቶ ሂሳቡን ማየት ነው፤ ጽሑፍ ሊፈጠር ይችላል፤ በዋሌቱ ውስጥ የሌለ ብር ግን በ*127# አይታይም። ይህ ዓይነቱ ሰው አንዳንዴ «በስህተት ብዙ ልኬ ነው፣ ትርፉን በጥሬ መልሽልኝ» ይላል። እውነት ተልኮ ከሆነም ትርፉ መመለስ ያለበት በጥሬ ሳይሆን በዚያው መንገድ፣ ወደከፈለው ቁጥር ነው። በጥሬ ከተሰጠው በኋላ ለድርጅቱ «ተሳስቼ ነው» ብሎ ቢያመለክት ሱቁ ሁለት ጊዜ መመለሱን የሚያሳይበት ማስረጃ የለውም።

ሦስተኛው ጸጥ ያለ ስለሆነ የበለጠ ያሰጋል። አንድ ሰው ሌሊት መጥቶ የራሱን ኮድ በሱቁ ኮድ ላይ ይለጥፋል። ደንበኛው ከልቡ ይከፍላል፤ የራሱ ስልክም መከፈሉን ይነግረዋል፤ ገንዘቡ ግን ሌላ ሰው ዘንድ ነው። ሱቁ ሲከፈት ኮዱን አንድ ጊዜ አንብቦ ስሙን ማየት በቂ መከላከያ ነው፤ ሲዘጋ ተለጣፊውን ማስገባት ከዚያም ይሻላል።

ኔትወርክ ሲጠፋ ግን ሐቀኛ ሰው እንኳ ይጣላል። ደንበኛው ተቆርጦበታል፤ ባለሱቋ መልእክት አልደረሳትም። እዚህ ላይ የሚፈጸመው ትልቁ ስህተት «እንደገና ክፈል» ማለት ነው፤ ሁለቱም ክፍያ በኋላ ይገባና ጭቅጭቅ ይነሳል። መጀመሪያ ሂሳቡን በ*127# ማየት፣ ካልታየ ደግሞ ከደንበኛው የግብይት ቁጥሩን ጽፎ መያዝ ይገባል። የሰፈር ሰው ከሆነ ዕቃውን ሰጥቶ በዱቤ ደብተር መጻፍ፣ እንግዳ ከሆነ ዕቃውን አስቀምጦ መልእክቱን መጠበቅ የሻጯ ውሳኔ ነው። እኔ ብሆን ለእንግዳው ምክንያቱን በጨዋ ቃል አስረድቼ እጠብቃለሁ።

የስልክ መልእክቱ የሽያጭ ደረሰኝን አይተካም፤ የደረሰኝ ግዴታ ያለበት ሱቅ በኮድ ቢከፈለውም ደረሰኙን ይቆርጣል። በኮድ የገባ ሽያጭ መዝገብ ላይ እንደሚቀርም ባለሱቆች አስቀድመው ይወቁት። ይህን የሚፈሩ አሉ፤ ነገር ግን የግብር ግምት የሚበዛበት ሱቅ በትክክል የሸጠውን የሚያሳይ ወረቀት ቢኖረው የሚከራከርበት ነገር አለው።

ታናሽ ወንድምየው ማታ ሱቁን ሲዘጋ ሦስት ቁጥሮችን ያስተያያል፦ በመሳቢያው ያለውን ጥሬ ብር፣ በደብተሩ ላይ በኮድ የተሸጠ ተብሎ የተጻፈውን፣ በዋሌቱ ሂሳብ የሚታየውን። በመጀመሪያው ቀን ዋሌቱ ከደብተሩ በ120 ብር በልጦ ቢገኝ መልእክቶቹን ወደ ኋላ እየሄደ ያያል፤ ከደብተሩ ጋር የማይገጥመው አንዱ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ከሩቅ የተከፈለ ዱቤ ሆኖ ይገኛል። ስሙን በዱቤ ደብተሩ ላይ ይሰርዘዋል፣ የግብይት ቁጥሩን ጎኑ ላይ ይጽፋል፤ ለዳቦ አቅራቢው የሚሰጠውን ጥሬ ብር ለይቶ ያስቀምጥና የቀረውን ወደ ባንክ እንዲያዛውር ለአማቹ ይነግረዋል።